የእኔና የእህቴ ሕመም አንድ ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ19 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የወር አበባ ማየት የጀመርኩት በ13 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አያመኝም ነበር፤ ከዓመት በኋላ ግን ሕመም ጀመረኝ። ብዙውን ጊዜ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ከእምብርቴ በታች ይቆርጠኛል፣ ጠዋት ላይ ደም አያለሁ። ወገቤንና ጭኔን ይዞኝ ይውላል፣ ያስመልሰኛል፣ ተቅማጥም አለው። በማግስቱ ይሻለኛል፣ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል። እስከምችለው ታግሼ 5 ሰዓት ላይ ፓራሲታሞል እውጣለሁ፣ ለውጥ ግን የለውም። ጓደኞቼ ማስታገሻ ማህፀን ያደርቃል ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ ስታገቢ ይተውሻል ትለኛለች። ታላቅ እህቴ 28 ዓመቷ ነው። የእሷ ሕመም የመጣው በቅርብ ዓመታት ሲሆን ከደሙ በፊት ሦስት አራት ቀን ይጀምራታል፣ ደሙ ከቆመም በኋላ አይለቃትም፤ በዚያን ሰሞን ሽንት ቤት መቀመጥ ራሱ ያሳቅቃታል። ካገባች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ልጅ አልያዘችም። እሷም ‹የቤተሰባችን ነው› ብላ ትታዋለች። የእኔና የእሷ ሕመም አንድ ነው? ምን እናድርግ?»
ጠያቂ ከደሴ

ውድ እህታችን፣ አንድ አይመስለኝም። የአንቺ በደብዳቤሽ ላይ እንደተገለጸው ከሆነ የተለመደው የወር አበባ ሕመም ምልክቶችን በሙሉ ያሟላል፤ የእህትሽን ግን የማህፀን ሐኪም በአካል ሊያያት ይገባል፤ ያውም ቀጠሮው ሳይራዘም። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ሕመሙ ከምን እንደሚነሣ መጀመር አለብኝ፤ ምክንያቱም ይህን የተረዳች ሴት መድኃኒቷን በየትኛው ሰዓት መውሰድ እንዳለባትም፣ የትኛው ሕመም ከተለመደው መንገድ እንደወጣም ራሷ መለየት ትችላለች።

ማህፀን በአብዛኛው ጡንቻ ነው። ከውስጥ በኩል ያለው ሽፋን በየወሩ ለፅንስ ማረፊያ እንዲሆን እየወፈረ ይሄዳል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይህን ሽፋን አጽንቶ ያቆየዋል። እርግዝና ካልተፈጠረ የሆርሞኑ መጠን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁልና ሽፋኑ መፍረስ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሽፋኑ ሕዋሳት አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት ይለቃሉ፤ ኮክስ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ይህንን ስብ ወደ ፕሮስታግላንዲን ይለውጠዋል። ፕሮስታግላንዲን እዚያው በተሠራበት ቦታ የሚሠራ መልእክተኛ ነው። ለማህፀን ጡንቻ «ተኮማተር» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል፤ የፈረሰው ሽፋን ከደሙ ጋር የሚወጣው፣ የደም ሥሮቹም ጠብበው መድማቱ በመጠን የሚሆነው በእሱ ምክንያት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ እናትየው መድኃኒቱን ስትወስድ ማህፀኗ የሚጨብጠውም በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ፕሮስታግላንዲን በራሱ በሽታ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው መጠኑ ሲበዛ ነው። ከባድ የወር አበባ ሕመም ያለባቸው ሴቶች የማህፀን ሽፋንና የወር አበባ ደም ሲመረመር ሕመም ከሌላቸው ሴቶች የበለጠ ፕሮስታግላንዲን ይገኝበታል። መጠኑ በበዛ ቁጥር መኮማተሩ ይበረታል፣ ይደጋገማል፣ በመካከሉ ያለው ማረፊያም ያጥራል። ኃይሉን ለመገመት ያህል፣ ግፊቱ የሚለካው የደም ግፊት በሚለካበት በዚያው ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ጤናማ ወጣት ልብ ደምን ወደ ሰውነት የሚገፋበት ከፍተኛው ግፊት 120 ገደማ ሲሆን፣ በከባድ የወር አበባ ሕመም ጊዜ በማህፀን ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከ150 በላይ ሊደርስ እንደሚችል ተለክቷል። ከውስጥ ያለው ግፊት ደም ከሚገባበት ግፊት ከበለጠ ደግሞ ደም ወደ ጡንቻው መግባቱን ለጥቂት ጊዜ ያቋርጣል ማለት ነው። ጣትሽን በክር አጥብቀሽ ብታስሪው ትንሽ ቆይቶ እንደሚጠዘጥዝሽ ሁሉ፣ ደምና ኦክስጅን የተቋረጠበት የማህፀን ጡንቻም ያማል። በዚያ ላይ ፕሮስታግላንዲን የሕመም ስሜት የሚያስተላልፉትን የነርቭ ጫፎች ስለሚያነቃቃቸው፣ በሌላ ቀን የማይሰማው መጠነኛ መኮማተር በዚያ ቀን ጎልቶ ይሰማል።

ወገብሽንና ጭንሽን የሚይዝሽ፣ ከማህፀን የሚነሡት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት ከእነዚህ የሰውነት ክፍሎች ከሚመጡት ነርቮች ጋር በአንድ ደረጃ በመሆኑና አንጎል የሕመሙን ቦታ አጥርቶ ስለማይለየው ነው። ማስመለሱና ተቅማጡም ከምግብ መበላሸት የመጣ አይደለም። ትርፉ ፕሮስታግላንዲን በደም በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ይደርሳል፤ የአንጀት ጡንቻም እንደ ማህፀን ጡንቻ ሁሉ ለእሱ ትእዛዝ ይታዘዛል። ብዙ ወጣት ሴቶች በየወሩ «ጃርዲያ ነው»፣ «አሜባ ነው» እየተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው አይቻለሁ፤ ተቅማጡ ከወር አበባው ጋር ብቻ የሚመጣና በሁለት ቀን ራሱን የሚያቆም ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፕሮስታግላንዲን ነው።

በደብዳቤሽ ውስጥ በጣም የጠቀመኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመጀመሪያው ዓመት ያለ ሕመም ማለፉ ነው። የወር አበባ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ብዙ ልጃገረዶች እንቁላል ሳይወጣ ነው የሚደሙት። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን አይመረትም፤ ፕሮጄስትሮን ወጥቶ ካልወረደ ደግሞ ያ የፕሮስታግላንዲን ጎርፍ አይነሣም። ስለዚህ የተለመደው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው የመጀመሪያው የወር አበባ ከታየ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ እንቁላል በየወሩ መውጣት ሲለምድ ነው። ከመጀመሪያው ደም ጋር አብሮ የጀመረ ከባድ ሕመም ቢሆን ኖሮ የማህፀን ወይም የብልት አፈጣጠር እንቅፋት ደሙን እንዳገደው መመርመር ነበረብን። የቀኖቹም ቁጥር እንዲሁ ነው፤ ፕሮስታግላንዲን በብዛት የሚለቀቀው ደሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ስለሆነ፣ ከደሙ ጥቂት ሰዓታት ቀድሞ ጀምሮ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የሚለቅ ሕመም ከዚህ ሥርዓት ጋር ይገጥማል። የአንቺ የሚሄደው በዚሁ ሰዓት ነው።

የዚህ እውቀት ታሪክ ረጅም አይደለም። ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህን ሕመም የመንፈስ ጭንቀት ውጤት፣ አንዳንዴም የሴት ልጅ ማጋነን አድርገው ያዩ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ፒክልስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በወር አበባ ደም ውስጥ ጡንቻን የሚያኮማትር ንጥረ ነገር መኖሩን አሳተመ፤ ይህ ንጥረ ነገር በኋላ ፕሮስታግላንዲን መሆኑ ታወቀ። በ1971 ደግሞ ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ ሕመም የሚያስታግሱት የፕሮስታግላንዲንን መሠራት በማገድ መሆኑን አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ዘርፍ ሥራው ነው። ይህንን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕመምሽ የሚለካ ግፊትና ስሙ የታወቀ ኬሚካል ያለው ነገር ነው፤ ማንም «ሴት ሁሉ ያለፈችበት ነው» ብሎ ሊያስተባብልሽ አይገባም።

ከዚህ ተነሥተን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰንና ሜፌናሚክ አሲድ የተባሉት ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች የሚሠሩት ኮክስ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ ማለትም ሕመሙን ከመሸፈን አልፈው ፕሮስታግላንዲኑ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ፓራሲታሞል ግን ይህንን ኢንዛይም በማህፀን አካባቢ የማገድ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ፣ ለቀላል ሕመም ቢረዳም እንደ አንቺ ላለው ብዙ ጊዜ አይበቃም። እነዚህ መድኃኒቶች ግን አንድ ገደብ አለባቸው፤ አዲስ ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ ይከለክላሉ እንጂ አስቀድሞ ተሠርቶ የተለቀቀውን አይሰበስቡም። ስለዚህ ሰዓቱ ከመጠኑ እኩል ይወስናል።

የአንቺን ቀን እንውሰድ። ቁርጠቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሲጀምርሽ ፕሮስታግላንዲኑ መሠራት ጀምሯል ማለት ነው። አንቺ እስከ 5 ሰዓት ስትታገሺ ሰባት ሙሉ ሰዓት ያለ ከልካይ ሲሠራ ይቆያል። በዚያን ሰዓት የምትወስጂው መድኃኒት አንደኛ ደካማ ነው፤ ሁለተኛ ዘግይቷል፤ ሦስተኛ ሆድሽ በተረበሸበት ሰዓት ስለገባ ከማስመለሱ ጋር ሊወጣ ይችላል። በሚቀጥለው ወር እንዲህ አድርጊ። ቀኑ ሲቃረብ መድኃኒቱንና ትንሽ ዳቦ ወይም ብስኩት ከአልጋሽ አጠገብ አስቀምጪ። ቁርጠቱ ገና ሲጀማምርሽ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጥቂት ቀምሰሽ 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጪ። ከዚያ በየስምንት ሰዓቱ ከምግብ ጋር ድገሚ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከጀመርሽ ቀጣዩ ቀን 6 ሰዓት፣ ከዚያ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 ሚሊግራም፣ ማለትም ከሦስት ባለ 400 ፍሬ አትለፊ። ሕመሙ ቀለል ስላለሽ የመጀመሪያውን ቀን አታቋርጪ፤ ለሁለት ቀን፣ ካስፈለገም ለሦስት ቀን በሰዓቱ ውሰጂና አቁሚ። የወር አበባሽ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ከሆነና እርጉዝ አለመሆንሽን ካወቅሽ፣ ደሙ ከሚጠበቅበት ቀን አንድ ቀን አስቀድሞ መጀመርም ይቻላል። ፋርማሲ ውስጥ የተለያየ የንግድ ስም ስለሚሰጡሽ ፓኮው ላይ ያለውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን አንብቢ፤ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን በአንድ ላይ አትውሰጂ፤ ሁለቱም አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ጥቅሙ ሳይጨምር ጉዳቱ ይደረባል።

ጉዳት ስል ዋናው ጨጓራ ነው። ፕሮስታግላንዲን በማህፀን ውስጥ ሕመም ቢፈጥርም በጨጓራ ውስጥ ግን ግድግዳውን ከአሲድ የሚጠብቅ ጋሻ ነው፤ መድኃኒቱም የት እንዳለ ሳይለይ ሁለቱንም ያግዳል። የጨጓራ ቁስለት ያለባት ወይም ከዚህ በፊት ደም ያስመለሳት፣ የኩላሊት በሽታ ያለባት፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ አስፕሪን ስትወስድ አስም የሚነሣባት፣ ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ የለባትም። በጾም ወራት ያለው ነገር በተለይ ያሳስበኛል። ብዙ እህቶች እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበሉ ይቆዩና ሕመሙ ሲጸናባቸው ዲክሎፌናክ በባዶ ሆዳቸው ይውጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይ የጨጓራ ቃጠሎ ይዘው ይመጣሉ። መድኃኒት በምግብ መውሰድ ግዴታ በሚሆንባቸው በእነዚያ ሁለት ቀናት ምን ማድረግ እንደሚገባ የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማማከር ይሻላል። በረመዳን ደግሞ በወር አበባ ላይ ያለች ሙስሊም ሴት ስለማትጾም ደሙ ከመጣ በኋላ መድኃኒቷን ከምግብ ጋር መውሰድ ትችላለች።

መድኃኒት መውሰድ ለማትችል ሴት ሙቀት እውነተኛ አማራጭ ነው። ከእምብርት በታች የሚደረግ የማያቋርጥ ለብታ ጡንቻውን ያላላል፣ የደም ዝውውሩንም ያሻሽላል፤ ከኢቡፕሮፌን ጋር በተነጻጸረበት ጥናት ላይም የተቀራረበ እፎይታ ሰጥቷል። የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ወይም በላስቲክ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ መያዝ ይበቃል። ቆዳሽ ላይ በቀጥታ አታድርጊው፤ ሙቀቱም ተመችቶሽ ልትቆዪበት የምትችይው እንጂ የሚያቃጥል አይሁን፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ሆዳቸው ላይ የተቃጠሉ ልጃገረዶች አሉ።

ማስታገሻ ማህፀን ያደርቃል የሚለው አባባል መሠረት የለውም። በወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚወሰድ ኢቡፕሮፌን ማህፀንን አይጎዳም፣ ወደፊት መውለድንም አይከለክልም። እንዲያውም የፕሮስታግላንዲኑ መጠን ሲቀንስ የሚፈሰው ደም በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ምናልባት ሰዎች ደሙ ማነሱን አይተው «ደረቀ» ያሉት ከዚህ የተነሣ ይሆናል። እናትሽ የነገሩሽ ደግሞ ከፊሉ እውነት ነው። ጋብቻ በራሱ ምንም አይለውጥም፤ ነገር ግን የተለመደው ሕመም በብዙ ሴቶች ላይ ከዕድሜ ጋር፣ በተለይም ከመጀመሪያው ወሊድ በኋላ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ይህ የዛሬ ፈተናሽንና የዛሬ ትምህርትሽን አይመልስልሽም፤ ደግሞም ይህች ቃል አንዳንድ ጊዜ መታከም ያለበትን በሽታ ለዓመታት ደብቃ ታቆያለች። ወደ እህትሽ የሚወስደኝ ይኸው ነው።

የእህትሽ ሕመም ፕሮስታግላንዲን ከሚሠራበት ሰዓት ወጥቷል። ደሙ ሳይመጣ ሦስትና አራት ቀን የሚቀድም፣ ደሙ ቆሞም የሚቀጥል ሕመም ከሽፋኑ መፍረስ ጋር ብቻ ሊያያዝ አይችልም። አመጣጡም የተለየ ነው፤ በልጅነት ሳይሆን ለዓመታት ያለ ችግር ከቆየች በኋላ የጀመረ ነው። በዚህ ላይ ዓይነ ምድር ስትወጣ የሚሰማት ሕመምና እርግዝና መዘግየቱ ሲታከልበት ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ኢንዶሜትሪዮሲስ የተባለውን በሽታ ነው። ይህ በሽታ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጪ፣ በእንቁላል እጢዎች ላይ፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ በማህፀንና በትልቁ አንጀት መካከል ባለው ቦታ ላይ ሲበቅል የሚከሰት ነው። በየወሩ ከሆርሞኖች ጋር አብሮ ይነሣል፣ ይቆጣል፣ አካባቢውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ደግሞ የአካል ክፍሎችን እርስ በርስ ያጣብቃል። ሽንት ቤት መቀመጥ የሚያሳቅቃት ከአንጀቱ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እርግዝናው የዘገየውም ጠባሳው እንቁላል የሚያልፍበትን ቱቦ አስጨንቆ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ይህ በሽታ አለባቸው። «የቤተሰባችን ነው» የሚለው አባባሏም ሊያዘናጋት አይገባም፤ እናት ወይም እህት ያላት በሽታ በሌላዋ ላይ የመገኘት ዕድሉ ስለሚጨምር፣ የቤተሰብ መሆኑ ለመመርመር እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም።

በእርግጥ ሌላም ሊሆን ይችላል። የማህፀን እጢ ወይም ማዮማ፣ ሽፋኑ ወደ ማህፀን ጡንቻ ውስጥ የሚገባበት አዴኖማዮሲስ፣ ወይም በጊዜው ያልታከመ የማህፀንና የቱቦ ኢንፌክሽን ተመሳሳይ ሕመም ያመጣሉ። በአዴኖማዮሲስና በብዙ ማዮማዎች ሕመሙ ከብዙ ደም ጋር ይመጣል፤ በኢንፌክሽን ጊዜ ደግሞ ትኩሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ይታከልበታል። ሉፕ ያስገባች ሴትም፣ በተለይ የመዳብ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሟና ደሟ ሊጨምር ይችላል። እነዚህን ከሩቅ ሆኜ መለየት አልችልም፤ ምርመራ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

እዚህ ላይ እህትሽ ልታውቃቸው የሚገቡ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው። አልትራሳውንድ ማዮማን በደንብ ያሳያል፤ በእንቁላል እጢ ላይ የተጠራቀመ የኢንዶሜትሪዮሲስ ከረጢት ካለም ያሳያል። በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበታተኑትን ጥቃቅን ቁስሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ «አልትራሳውንድሽ ንጹህ ነው» መባሏ «በሽታ የለብሽም» ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ካልተለወጠ ጥያቄውን ይዛ መቀጠል አለባት። ሁለተኛው ወጥመድ ማስታገሻው መሥራቱ ነው። የኢንዶሜትሪዮሲስ ቁስሎች ራሳቸው ፕሮስታግላንዲን ስለሚያመርቱ ኢቡፕሮፌን ሕመሙን በከፊል ሊቀንሰው ይችላል፤ ስለተሻላት ብቻ የተለመደው ሕመም ነው ብላ እንዳትደመድም። ደግሞም ልጅ እየፈለገች ስለሆነ ማስታገሻውን ደሙ በእርግጥ ከመጣ በኋላ ብቻ ትውሰድ፤ ደም ሳይመጣ በፊት እርጉዝ መሆን አለመሆኗ አይታወቅምና።

ወደ ሐኪም ስትሄድ «ወር አበባዬ ያመኛል» ብቻ ብትል ማስታገሻ ይዛ የመመለሷ ዕድል ሰፊ ነው፤ በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ የሁለት ወር ማስታወሻ ይዛ ትሂድ። በእያንዳንዱ ቀን ሕመም ነበር ወይስ አልነበረም፣ ከ10 ስንት ይሆናል፣ ደም ነበር ወይ፣ ሞዴስ ስንት ጊዜ ቀየረች፣ ሽንት ቤት ወይም ግንኙነት ላይ ሕመም ነበር ወይ የሚለውን በአንድ መስመር ትጻፍ። ለምሳሌ «ጥቅምት 3፣ ደም የለም፣ ሕመም 6፣ ሽንት ቤት ላይ በጣም አመመኝ፤ ጥቅምት 6፣ ደም ጀመረ፣ ሕመም 8» የሚል ማስታወሻ ለሐኪሙ ከረጅም ገለጻ በላይ ይናገራል። ማስታወሻው እስኪሞላ ግን ቀጠሮ መያዙ አይዘግይ። በግንኙነት ጊዜ የሚሰማትን ሕመም ለማንሣት ልታፍር ትችላለች፤ ሐኪሙ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስን የሚጠረጥርበት አንዱ ዋና ምልክት ስለሆነ ባይጠይቃትም ራሷ ትናገር። ልጅ እንደምትፈልግም በግልጽ ትናገር፤ ለዚህ በሽታ በመጀመሪያ የሚሰጡት የሆርሞን መድኃኒቶች እርግዝናን የሚከለክሉ ስለሆኑ የእሷ ሕክምና በሌላ መንገድ ይታቀዳል። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክሮ እርግዝና ካልመጣ ሁለቱም ባልና ሚስት መመርመር አለባቸው፤ የባለቤቷ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከማንኛውም የእሷ ምርመራ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ቤት ውስጥ በመጨረሻ የሚታሰብ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። የእህትሽ ወር አበባ ዘግይቶ ከነበረና በአንድ ጎን ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም፣ ትንሽ ትንሽ ደም፣ ማዞር ወይም ራስ መሳት፣ አንዳንዴም የትከሻ ጫፍ ሕመም ከመጣባት ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። ከሆድ ሕመም ጋር ከፍተኛ ትኩሳት የመጣባት፣ ወይም ለተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ የምታረጥብ ማንኛዋም ሴት፣ አንቺም ብትሆኚ፣ እንዲሁ በዚያው ቀን መታየት አለባት።

ወደ አንቺ ልመለስ። ኢቡፕሮፌኑን በጻፍኩልሽ አኳኋን፣ በመጀመሪያው ምልክት ላይ፣ በሰዓቱና ከምግብ ጋር ለሦስት ተከታታይ የወር አበባዎች ሞክሪ። አብዛኞቹ ሴቶች በዚህ በግልጽ ይሻላቸዋል፤ ከተሻለሽ የተለየ ምርመራ አያስፈልግሽም። ካልተሻለሽ ወይም ጨጓራሽ ካልፈቀደ፣ ባለሙያ አማክረሽ የወሊድ መከላከያ እንክብል ለጥቂት ወራት መሞከር ይቻላል፤ እንክብሉ እንቁላል እንዳይወጣ ስለሚያደርግና ሽፋኑን ስለሚያሳሳው ፕሮስታግላንዲኑ የሚሠራበት ነገር ያንሳል። ያላገባች ልጅ ይህንን ለሕመም ብትወስድ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መውሰድ ስታቆሚም የመውለድ ችሎታሽ ይመለሳል። ከመጀመርሽ በፊት ግን ከዕይታ መዛባት ጋር የሚመጣ ኃይለኛ የራስ ምታት፣ የደም መርጋት ወይም የደም ግፊት ካለብሽ ለባለሙያው ንገሪ። በእነዚህ ሁለቱም ካልተሻለሽ፣ ወይም ሕመሙ በየወሩ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ደም በሌለበት ቀንም ሕመሙ መሰማት ከጀመረ፣ ዕድሜሽ 19 መሆኑ አያዘናጋሽ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ በወጣትነትም ይጀምራልና፣ በተለይ በእህትሽ ላይ ከተገኘ፣ አንቺም ለዚያው ምርመራ ቀጠሮ ያዢ።